ማህደሬ ውስጥ ምን አለ? የሠራተኛ መረጃ ማሳወቂያ እንዴት ይጻፋል

ድሬዳዋ ውስጥ 60 ገደማ ሠራተኛ ባለው አንድ ፋብሪካ በሰው ኃይል ክፍል ስሠራ ነው። አንዲት የማሽን ኦፕሬተር የሐኪም ወረቀቷን ለሰዓት ተቆጣጣሪው ሰጠች። እሱ ለፈረቃ ኃላፊው አሳየው። ምሳ ሰዓት ላይ የበሽታዋን ስም ካንቲን ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ወረቀቱ በማን እጅ ማለፍ እንዳለበት የሚል አንድ መስመር እንኳ የትም አልተጻፈም ነበር።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ መረጃ የሚሰበስብ አሠሪ ምን እንደሚይዝ፣ ለምን እንደሚይዝና ማን እንደሚያየው ለሠራተኛው መንገር አለበት። ማሳወቂያው ሁለት ገጽ ቢሆን ይበቃል።

መጀመሪያ የፋይል ሳጥኑን ይክፈቱ። ብዙ ዓመት የሠራ ሰው ማህደር አውጥተው ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይደርድሩ። የቅጥር ውል፣ የዲፕሎማ ኮፒ፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ የቲን ቁጥር፣ የጡረታ ቅጽ፣ የፈቃድ ቅጾች፣ ማስጠንቀቂያ፣ የሐኪም ወረቀት ያገኛሉ። ብዙዎች የሚረሱት የተያዡን ነው። የገንዘብ ያዥና የንብረት ክፍል ሠራተኛ ዋስ ያቀርባሉ። ዋሱ የእናንተ ሠራተኛ አይደለም፤ የደመወዝ ማረጋገጫውና የመታወቂያው ኮፒ ግን እናንተ ዘንድ ተቀምጧል። እሱንም ማሳወቂያው ላይ ይጻፉት፤ አንድ ቅጂም ለዋሱ ይስጡት።

ለእያንዳንዱ ወረቀት «ይህ ለየትኛው ሥራ ይጠቅመናል?» ብለው ይጠይቁ። መልስ ያጣችሁለት ወረቀት ከማህደሩ ይውጣ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን የጤና ሁኔታ እንዲመዘግብ ሲያዝ ኤች አይ ቪን ለይቶ አስወጥቷል። ስለዚህ ያ ውጤት ማህደር ውስጥ ቦታ የለውም።

ቀጥሎ «ማን ያያል» የሚለው ነው። ማሳወቂያዎች የሚበላሹት እዚህ ላይ ነው። «የሚመለከታቸው አካላት» የሚል ሐረግ በጭራሽ አይጻፉ፤ ማንም የሚመለከተኝ ነው ሊል ይችላልና። የሥራ መደቡን በስሙ ይጥሩት። ያቺን ኦፕሬተር እንውሰድ። የሕመም ፈቃድ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ግማሽ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት 3 ወራት ያለ ደመወዝ ነው። ስለዚህ የፔሮል ሠራተኛው የሚፈልገው ቀኑን ብቻ ነው። የፈረቃ ኃላፊው መቼ እንደምትመለስ ካወቀ ይበቃዋል። የበሽታው ስም ያለበትን ወረቀት የሚያየው አንድ የሰው ኃይል ኃላፊ ነው። እኛ መጨረሻ ላይ እንዲህ ብለን ጻፍነው፦

«የሐኪም ወረቀትዎን በታሸገ ፖስታ ለሰው ኃይል ኃላፊ ብቻ ይስጡ። ፈረቃ ኃላፊዎና ፔሮል የሚደርሳቸው የፈቃዱ መነሻና መጨረሻ ቀን ብቻ ነው።»

«ለምን ያህል ጊዜ» የሚለው ላይ «እንደ አስፈላጊነቱ» ማለት ምንም አለመናገር ነው። ቁጥርና መነሻ ቀን ይስጡ። ከሥራ ግንኙነት የሚነሳ ክስ፣ በልዩ ሁኔታ አጭር ጊዜ ካልተቀመጠለት በቀር፣ በ1 ዓመት ይታገዳል። በመጨረሻው ቀን የተከፈተ ክስ መጥሪያው ዘግይቶ ሊደርስ ስለሚችል 6 ወር ጨመርንበት። ሐምሌ 1 ቀን 2017 የለቀቀ ሰው የማስጠንቀቂያና የፈቃድ ወረቀቱ ጥር 1 ቀን 2019 ይወገዳል፤ ክስ ካለ ግን እስኪያልቅ ይቆያል። ፔሮል ከሂሳብ መዝገብ ጋር ስለሚሄድ በንግድ ሕጉ መሠረት 10 ዓመት ይቀመጣል። የዋስ ወረቀት ርክክቡና ቆጠራው አልቆ ክሊራንስ ሲሰጥ ለባለቤቱ ይመለሳል። ከዚህ ሁሉ አንድ ገጽ ብቻ ረጅም ጊዜ ትቆይ፤ የተቀጠረበትና የለቀቀበት ቀን፣ መደቡና ደመወዙ ያለባት። ከዓመታት በኋላ የሥራ ልምድ ወይም የጡረታ ጉዳይ ይዞ ለሚመጣ ሰው መልስ የምትሰጠው እሷ ናት።

ማሳወቂያውን በአማርኛ ብቻ ለጥፎ መሄድ ድሬዳዋ ላይ አይሠራም። ኦሮምኛና ሶማልኛ ቅጂ ያዘጋጁ፤ ማንበብ ለማይችሉም ፈረቃ ሲቀያየር ጮክ ብለው ያንብቡ። የፊርማው ቦታ ላይ «ደርሶኛል» ይበል። «ተስማምቻለሁ» አይበል፤ እንጀራው እናንተ እጅ ያለ ሰው እምቢ ማለት አይችልም፣ ስለዚህ ያ ፊርማ ስምምነት አይሆንም።

በመጨረሻ ሠራተኛው ማህደሩን ለማየትና ስህተት ለማሳረም የት እንደሚሄድ ይጻፉ። ቅር የተሰኘ ሰው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማመልከት እንደሚችልም ይግለጹ። እኛ ይህን በለጠፍን በሁለተኛው ሳምንት አንድ አዛውንት ጥበቃ መጡና ማህደራቸውን ጠየቁ። የአባታቸው ስም ውሉ ላይና ጡረታ ቅጹ ላይ በአንድ ፊደል ይለያይ ነበር። ጡረታ ሊወጡ 7 ወር ሲቀራቸው ቅጹ ታረመ።