ግስ ላይ የተለጠፈችውን ፊደል ወደ እንግሊዝኛ እንዴት እናሻግራት?

አንድ ወዳጄ ለአለቃው ያዘጋጀውን መልእክት ከመላኩ በፊት እንዳየው ሰጠኝ። በአማርኛ ሊል የፈለገው ይህን ነው፦ «ትናንት ደውዬልዎ ነበር። መልስዎን እየጠበቅኩ ነው። አዲሱን አሠራር ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል። ስለ ውሉም መወያየት እፈልጋለሁ። ፋይሉን እስከ ዓርብ እልካለሁ።»

እንግሊዝኛው ጥሩ ነበር። ጊዜው ልክ ነው፣ የቃላት ምርጫውም ልክ ነው። ግን አምስቱም ዓረፍተ ነገሮች አንድ አንድ ስህተት ነበራቸው፤ አምስቱም ስህተቶች የተገኙት በመስተዋድድ ላይ ነው። ሁለት ቦታ የማያስፈልግ ጨምሯል። ሁለት ቦታ የሚያስፈልገውን ትቷል። አንድ ቦታ ደግሞ አንዱን በሌላው ተክቷል። እነዚህ አምስት ስህተቶች አማርኛ ተናጋሪ ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስለሆኑ፣ በዚሁ መልእክት አንድ በአንድ እንያቸው።

መጀመሪያ አማርኛውን በትነው

«ደውዬልዎ» አንድ ቃል ይመስላል። ሲፈታ ግን «ደውዬ»፣ «ል» እና «ዎ» ነው። «ል» የ«ለ» ታናሽ ወንድም ናት፤ ግሱ ውስጥ ገብታ ተቀምጣለች። «ቢያስረዱኝ» ሲፈታ ደግሞ መጨረሻው ላይ «ኝ» ብቻ አለች። ለእኔ ይሁን እኔን፣ አትነግረንም።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው። «ል»ን ስናይ እጃችን ወዲያው ወደ «ቱ» ይሄዳል። «ኝ»ን ብቻ ስናይ ደግሞ ምንም የሚጨመር ነገር ያለ አይመስለንም። ወዳጄም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ «ኮልድ ቱ ዩ» አለ፣ «ኤክስፕሌይን ሚ» አለ። ትክክሉ የዚህ ተቃራኒ ነው። «ኮልድ ዩ» ይባላል፣ «ኤክስፕሌይን ቱ ሚ» ይባላል። «ኮልድ ቱ ዩ» ቢል እንግሊዝኛ ተናጋሪው የሚገባው ስልክ መደወል ሳይሆን ከሩቅ ድምፅ አውጥቶ መጣራት ነው።

ስለዚህ የአማርኛዋ ቅጥያ የእንግሊዝኛውን መስተዋድድ አትጠቁምም። «ነገረኝ» እና «አስረዳኝ» በአማርኛ መልካቸው አንድ ነው። በእንግሊዝኛ ግን የመጀመሪያው «ቶልድ ሚ»፣ ሁለተኛው «ኤክስፕሌይንድ ቱ ሚ» ነው። የሚወስነው የእንግሊዝኛው ግስ ራሱ ነው።

ቀጥሎ ግሱን ጠይቀው

ከእንግሊዝኛ ግሶች አንዳንዶቹ ሰውየውን ወይም ነገሩን በቀጥታ ይይዛሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ በመሃል መስተዋድድ ካልገባ አይነኩትም።

«ጠበቀ» ለእኛ በቀጥታ የሚይዝ ግስ ነው፤ «ጠበቅኩህ» ብለን እንጨርሳለን። «ዌይት» ግን «ፎር»ን ይፈልጋል። ወዳጄ «ዌይቲንግ ዮር ሪፕላይ» ብሎ ጽፏል፤ «ዌይቲንግ ፎር ዮር ሪፕላይ» ነበር የሚባለው። «አዳመጠኝ»ም እንዲሁ ነው፤ «ሊስን» ያለ «ቱ» ወደ ሰው አይደርስም። «ፈለግኩት» ስንል የጠፋ ዕቃ ፍለጋ ከሆነ «ሉክ ፎር» ነው፤ መውደድና መመኘት ከሆነ ግን «ዎንት» ብቻውን ይበቃዋል።

በተቃራኒው ቡድን ያለው «ዲስከስ» ነው። «ስለ ውሉ ተወያየን» እንላለንና «ስለ»ን ይዘን «ዲስከስ አባውት» ላይ እንወድቃለን። «ዲስከስ» ግን ውሉን በቀጥታ ይይዛል። ይህን ስህተት የሚያጸናው አንድ ነገር አለ። «ቶክ አባውት» ትክክል ነው። ስም ሲሆንም «ዲስከሽን አባውት» ትክክል ነው። ጆሯችን ሁለቱን ስለለመደ ግሱም ላይ «አባውት»ን ይጨምራል። «ሜሪ»ም ይኸው ነው። «ከእሷ ጋር ተጋባ» ስለምንል «ሜሪድ ዊዝ ሀር» እንላለን። እንግሊዝኛው «ሜሪድ ሀር» ነው፤ ስለ ትዳር ሁኔታው ሲነገር ደግሞ «ኢዝ ሜሪድ ቱ ሀር» ይሆናል። «ዊዝ» በሁለቱም ቦታ የለችም።

«ብ» ስትመጣ ቆም በል

በመልእክቱ ውስጥ ባትኖርም ይህችን ሳላነሳ አላልፍም። «ሳቀብኝ»፣ «ጮኸብኝ»፣ «ተናደደብኝ» ውስጥ ያለችው «ብ» የ«በ» ዘመድ ናት። ሸክም ላያችን ላይ የወደቀ ዓይነት ስሜት ስላላት ብዙ ሰው «ኦን» ይላታል። «ላፍድ ኦን ሚ» ግን አይባልም፤ «ላፍድ አት ሚ» ነው። ጩኸቱም «ሻውትድ አት ሚ» ነው። ንዴቱ «አንግሪ ዊዝ ሚ» ወይም «አንግሪ አት ሚ» ይባላል። «ኦን» የምትሠራው «መኪናዋ መንገድ ላይ ተበላሸችብኝ» በሚለው ዓይነት ነው። እዚያ ማንም እኛ ላይ ያነጣጠረ የለም፤ ጉዳቱ ብቻ ነው የደረሰብን። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም በወግ ጨዋታ «ብሮክ ዳውን ኦን ሚ» ይላሉ።

«እስከ»ን ለሁለት ክፈላት

አምስተኛው ስህተት ሥራ ላይ እውነተኛ ጣጣ የሚያመጣው ነው። ወዳጄ ፋይሉን «አንቲል ፍራይዴይ» እልካለሁ ብሏል። አለቃው የሚያነበው ፋይሉን እስከ ዓርብ ድረስ እየደጋገመ እንደሚልክ ነው። አማርኛ በአንዲት «እስከ» የምትለውን እንግሊዝኛ በሁለት ቃል ይለየዋል።

መለያው ቀላል ነው። አማርኛው ላይ «ሳላቋርጥ» የሚለውን ቃል ጨምርበት። «እስከ 11 ሰዓት ሳላቋርጥ ቢሮ ነኝ» ስሜት ይሰጣል፤ ስለዚህ «አንቲል» ነው። «እስከ 11 ሰዓት ሳላቋርጥ ቢሮ እደርሳለሁ» ግን አያስኬድም። መድረስ አንድ ጊዜ ሆኖ የሚያልቅ ነገር ነው፤ ስለዚህ «ባይ» ነው። (በእንግሊዝኛ ስትጽፈው 11 ሰዓትህ 5 መሆኑን አትርሳ።) ፋይል መላክም አንድ ጊዜ ነውና «ባይ ፍራይዴይ» ይሆናል።

ዓረፍተ ነገሩ አሉታ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። «እስከ ዓርብ አልልክም» ስንል አለመላኩ ራሱ ሳይቋረጥ የሚቀጥል ሁኔታ ነው። ስለዚህ «አንቲል» ይመለሳል።

ስትጠራጠር

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚተረጉም መዝገበ ቃላት ለዚህ አይጠቅምም። «ዌይት፦ ጠበቀ» ብሎ ያልፋል፤ የጎደለችው «ፎር» አትታይም። ለቋንቋ ተማሪዎች የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ክፈት። የካምብሪጁ በድረ ገጽ በነፃ አለ። ከግሱ አጠገብ T የምትል ፊደል ካየህ ግሱ በቀጥታ ይይዛል ማለት ነው፤ I ከሆነ አይይዝም። «ዲስከስ»ን ብትፈልግ T ታገኛለህ።

ፊደሏን ብቻ አትመን። «ኤክስፕሌይን» የሚብራራውን ነገር በቀጥታ ይይዛል፣ ሰውየውን ግን በ«ቱ» ነው የሚይዘው። ይህን የምታየው ከታች ባሉት ምሳሌ ዓረፍተ ነገሮች ላይ ነው። ደብተርህ ላይም ግሱን ብቻውን አትጻፍ፤ «ኤክስፕሌይን ኢት ቱ ሚ» ብለህ ሦስቱንም አብረህ ጻፍ።

የወዳጄ መልእክት ከታረመ በኋላ እንዲህ ሆነ፦ «ኮልድ ዩ»፣ «ዌይቲንግ ፎር ዮር ሪፕላይ»፣ «ኤክስፕሌይን ዘ ኒው ፕሮሲጀር ቱ ሚ»፣ «ዲስከስ ዘ ኮንትራክት»፣ «ሴንድ ዘ ፋይል ባይ ፍራይዴይ»። አምስቱን ለማረም ዐሥር ደቂቃ አልፈጀብንም። የቆየነው «ዲስከስ» ላይ ነው፤ «አባውት» መቅረቷን አምኖ ለመቀበል መዝገበ ቃላቱን በዓይኑ ማየት ነበረበት።