«በእጅ 10,000» ተባብለን ቀጠርን፤ ፔሮሉ አልገጥም አለ

ምልክቱ፦ ሠራተኛዋ በየወሩ በባንክ 10,000 ብር ይገባላታል፤ ለገቢዎች የምታሳውቁት ደመወዝም 10,000 ነው። ከዚህ ላይ ግብርና ጡረታ ሲነሣ ግን 7,650 ብር ብቻ ነው መድረስ ያለበት። የቀረው 2,350 ከድርጅቱ ኪስ ይወጣል፣ ወይ ጭራሽ አይከፈልም።

ምክንያቱ፦ ስምምነቱ በተጣራ፣ መዝገቡ ባልተጣራ መሠራቱ ነው። አሠሪ የሠራተኛውን ግብር ሲሸፍን፣ የሸፈነው ራሱ የሠራተኛው ገቢ ሆኖ ይቆጠራልና 10,000 ብሎ ማሳወቅ ደመወዝን ማሳነስ ይሆናል። ሳይቀነስ ለቀረው ግብር ደግሞ ተጠያቂው አሠሪው ነው።

መፍትሄው፦ ከተጣራው ወደ ኋላ ማስላት። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራው ሠንጠረዥ ከ10,000 በላይ እስከ 14,000 ብር ያለ ደመወዝ በ30 በመቶ ተባዝቶ 1,350 ይቀነስለታል፤ የሠራተኛው ጡረታ 7 በመቶ ነው። ስለዚህ፦

```
(10000 - 1350) / 0.63 = 13730.16
```

0.63 የመጣው ከ100 ላይ 30ና 7 ሲነሡ ነው። መልሳችሁ ፈትሹት፦ ግብር 2,769.05፣ ጡረታ 961.11፣ በእጅ 10,000። መልሱ ከ14,000 ካለፈ ግን በ35 በመቶው ረድፍ እንደገና ይሠራል፤ ተቀናሹም 2,050 ይሆናል። የአሠሪው 11 በመቶ፣ ማለትም 1,510.32፣ ሲጨመር ድርጅቱ ለሠራተኛዋ የሚያወጣው በወር 15,240.48 ብር ነው። ብዙዎች ይህን ቁጥር የሚያዩት ከቀጠሩ በኋላ ነው። እኔ ብሆን ውሉን ባልተጣራው ነው የምጽፈው፤ የግብር ሠንጠረዥ በተቀየረ ቁጥር በተጣራ የተዋዋለ ሰው ሒሳቡን ከዜሮ ይጀምራል።

ሒሳቡ ተስተካክሎም ግብሩ 288.33 ብር ቢያንስ? ይህን ልዩነት ለ961.11፣ ማለትም ለሠራተኛዋ ጡረታ፣ አካፍሉት። 30 በመቶ ከሰጣችሁ፣ ጡረታውን አስቀድማችሁ ቀንሳችሁ በቀሪው ላይ ግብር አስባችኋል ማለት ነው። የሠራተኛው 7 በመቶ የግብር መነሻውን አይቀንስም፤ ሁለቱም ካልተጣራው ላይ ጎን ለጎን ነው የሚሰሉት። ግብሩ በተቃራኒው 3,305.56 ከመጣ የኤክሴል ፋይላችሁ የድሮውን ሠንጠረዥ ይዞ ቀርቷል፤ ቀመሩ ውስጥ 1,500 የሚል ተቀናሽ ፈልጉ።

ትርፍ ሰዓት በሠራችበት ወር ደግሞ ግብሩ ከፍ ብሎ ጡረታው ባለበት ቢቆም አትደንግጡ። ጡረታ የሚታሰበው በመደበኛው ደመወዝ ላይ ብቻ ሲሆን ግብሩ ትርፍ ሰዓቱንም ይይዛል። የሚያሳስበው ጡረታውም አብሮ ሲያድግ ነው።

የተቀነሰው ግብር ወሩ ባለቀ በ30 ቀን ውስጥ ከነዝርዝሩ መቅረብ አለበት። ከመላካችሁ በፊት የባንኩን ዝውውር ድምር ከፔሮሉ የተጣራ ድምር ጋር አስተያዩ። ካልገጠመ ሳታስተካክሉት አትላኩት፤ በመጀመሪያ ሌላ በተጣራ የተቀጠረ ሰው እንዳለ እዩ።