ራሙ 3200 ተብሎ ተገዝቶ 2133 ላይ ሲሄድ፣ XMP ሲከፈትም እምቢ ሲል

ባዮስ እንዴት ይገባል የሚለውን አልፌዋለሁ፣ ፒሲው ሲነሳ Del ወይ F2 ደጋግሞ መጫን ነው፣ በቃ። ራሙ ተነቅሎ፣ ተፀድቶ፣ ተመልሶ በደንብ መግባቱንም እንደተደረገ ቆጥሬዋለሁ። እዚህ የማወራው ካርቶኑ ላይ 3200 ተፅፎበት ስለተገዛ፣ ግን ታስክ ማናጀር ሲከፈት Speed የሚለው ጋ 2133 ስለሚያሳይ ራም ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን በትክክል አንብቡ። CPU-Z የሚባለው ፕሮግራም ላይ Memory የሚለው ገፅ የሚያሳየው DRAM Frequency ግማሹን ነው፣ 1600 ካያችሁ ራማችሁ 3200 ላይ እየሄደ ነው፣ 1066 ካያችሁ 2133 ላይ ነው። «ራሜ በግማሽ ስፒድ ነው የሚሰራው» ብሎ የሚመጣ ሰው አይጠፋም፣ ምንም ችግር የሌለበትን ማሽን ከፍቶ ሲነካካ የሚያበላሸውም እሱ ነው። ሶፍትዌር ማውረድ ካልፈለጋችሁ ፓወርሼል ላይ ይሄን ፃፉ፣ ConfiguredClockSpeed የሚለው አሁን በእውነት የሚሄድበት ነው፦

```
Get-CimInstance Win32_PhysicalMemory | Select-Object DeviceLocator, PartNumber, ConfiguredClockSpeed
```

2133፣ 2400 ወይ 2666 ያሳያል፣ ዲዲአር5 ከሆነ ደግሞ 4800

ፕሮፋይሉ አልተከፈተም ማለት ነው። ራሙ ላይ ትንሽዬ ቺፕ አለች፣ ውስጧ ሁለት አይነት ሰንጠረዥ ተፅፏል። አንዱ የትኛውም ማዘርቦርድ ላይ እንዲነሳ ተብሎ የተቀመጠው ቀርፋፋው ስታንዳርድ ነው፣ ዲዲአር4 ላይ በ1.2 ቮልት የሚሰራው ማለት ነው። ሌላው ፋብሪካው «ይሄን ያህል ይችላል» ብሎ የፃፈው ፕሮፋይል ነው፣ እሱ አብዛኛውን ጊዜ 1.35 ቮልት ይፈልጋል። ማዘርቦርዱ ካልታዘዘ ሁሌም የመጀመሪያውን ነው የሚወስደው፣ ስለዚህ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር በራሱ አይመጣም። ልዩነቱም ቀላል አይደለም፣ ሁለት ራም በዱዋል ቻናል 2133 ላይ በሰከንድ 34 ጊጋባይት ገደማ ያሳልፋል፣ 3200 ላይ 51 ይደርሳል። ራይዘን ላይ ደግሞ የሲፒዩው የውስጥ መስመር ከራሙ ስፒድ ጋር የተያያዘ ስለሆነ የበለጠ ይሰማችኋል።

ባዮስ ውስጥ የፕሮፋይሉ ስም እንደ ቦርዱ ይለያያል። XMP፣ A-XMP፣ Extreme Memory Profile ይላል፣ አንዳንዱ የኤኤምዲ ቦርድ ላይ DOCP ነው፣ ዲዲአር5 ያለው ኤኤምዲ ላይ EXPO። Profile 1 ምረጡ፣ F10፣ Yes፣ አለቀ። ብዙው ሰው እዚህ ጋ ጨርሶ ይሄዳል፣ ተነስቶ 3200 ካሳያችሁ እናንተም የመጨረሻዋን ክፍል ብቻ አንብባችሁ ሂዱ።

ባዮስ ውስጥ ፕሮፋይል የሚባል ነገር የለም

CPU-Z ላይ SPD የሚለውን ክፈቱና ታች ሰንጠረዡ ላይ XMP ወይ EXPO የሚል አምድ ፈልጉ። ከሌለ ራሙ ፕሮፋይል የለውም፣ ባዮስ ብታገላብጡ አታገኙትም። ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ባዮሱ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ አይሰጣችሁም።

ፕሮፋይሉ ተከፍቷል፣ ግን 2666 ወይ 2933 ላይ ቆመ

የኢንቴል ርካሽ ቺፕሴት ነው። H310፣ B360፣ H410፣ B460 ላይ ራም ኦቨርክሎክ ዝግ ነው፣ ሲፒዩው በይፋ ከሚደግፈው በላይ አይወጣም። ቅንብር እየቀያየራችሁ ጊዜ አታባክኑ። ከ B560 ጀምሮ B ቦርዶች ላይ ተፈቅዷል።

ፕሮፋይሉን ከፍቼ ሴቭ ሳደርግ ስክሪኑ ጥቁር ሆነ፣ አጥፍቶ አበርቶ ሲነሳ ተመልሶ 2133

ዋናው ይሄ ነው። በየጊዜው የሚመጣልኝ ይሄው ነው፣ አመጣጡም አንድ አይነት ነው፦ ሴቭ ይደረጋል፣ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪን የለም፣ ራሱ ይጠፋል፣ ራሱ ይነሳል፣ እንደዛ እያለ ጥቂት ከሞከረ በኋላ ቦርዱ ተስፋ ይቆርጥና ወደ ድሮው ቅንብር መልሶ ያስነሳዋል። አንዳንዱ «ኦቨርክሎክ አልተሳካም» የሚል ፅሁፍ አውጥቶ F1 ጫኑ ይላል፣ አንዳንዱ ምንም ሳይል ዊንዶውስ ይገባል፣ ባለቤቱም XMP ከፍቻለሁ ብሎ አምኖ ለወራት 2133 ላይ ይጠቀማል። የሆነው ነገር ቦርዱ ራሙን በአዲሱ ስፒድ ሊያሰለጥነው ሞክሮ፣ ትሬኒንግ የሚሉት ማለት ነው፣ ምልክቱ ንፁህ አልሆን ሲለው ወደኋላ መመለሱ ነው። ራሙ ተበላሽቷል ማለት አይደለም! ይሄን ሳያጣሩ ደህና ራም የሚመልሱ ሰዎች ያናድዱኛል።

መጀመሪያ ስሎቱን እዩ። አራት ስሎት ያለው ቦርድ ላይ ሁለት ራም የሚገባው፣ ከሲፒዩው ጀምራችሁ ስትቆጥሩ፣ በአብዛኛው ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ነው፣ ቦርዱ ላይ A2 እና B2 ተብሎ ተፅፏል። ምክንያቱ መስመሩ የሚያልቀው እነሱ ጋ ስለሆነ ነው፣ ራሙን አንደኛውና ሶስተኛው ላይ ካደረጋችሁት ከኋላው ባዶ ስሎት ይቀርና ምልክቱ ከባዶው ጫፍ እየተንፀባረቀ ይመለሳል። 2133 ላይ ይሄ አያስቸግርም፣ ለዛ ነው ፒሲው ለአመታት ደህና የሚመስለው፣ 3200 ስትሉት ነው ጉዱ የሚወጣው። አንድ ልጅ ባዮሱን አፕዴት አድርጎ፣ ቮልቴጁን ሁሉ ነካክቶ፣ በመጨረሻ ማሽኑን ተሸክሞ መጣ። ክዳኑን ስከፍተው ራሞቹ አንደኛውና ሶስተኛው ላይ ናቸው፣ የገጠመለት ባለሙያ ተብዬ ቀለማቸው ተመሳሳይ ነው ብሎ እዛ አስገባቸው። ወደ A2 እና B2 አዛወርኳቸው፣ ፕሮፋይሉን ከፈትኩ፣ ወዲያው 3200 ላይ ተነሳ።

ስሎቱ ትክክል ከሆነ ቀጣዩ ተጠርጣሪ የተደባለቀ ራም ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልዘርዝር። ራይዘን 5 2600፣ B450 ቦርድ፣ መጀመሪያ ሁለት ባለ 8 ጊጋ 3200 ነበረው፣ ከአመት በኋላ ባለቤቱ አንድ አይነት ብራንድ፣ አንድ አይነት ስቲከር ያለበት ሌላ ሁለት ጨመረበት። ከዛ ቀን ጀምሮ 3200 እምቢ። «አንድ አይነት እኮ ነው» ይለኛል። SPD ላይ ስሎቶቹን እየቀያየርኩ DRAM Manuf. የሚለውን ሳየው የድሮዎቹና የአዲሶቹ ቺፕ ሰሪ የተለያየ ነው። ስቲከሩ አንድ ሆኖ ውስጡን የሚቀያይሩ ብራንዶች አሉ፣ ለዛ ነው አራት የፈለገ ሰው አራቱንም በአንድ ካርቶን ይግዛ የምለው። እዚህ ላይ ሌላ ነገርም አለ፣ ያ ሲፒዩ በይፋ የሚደግፈው 2933 ድረስ ብቻ ነው፣ አራት ስሎት ሲሞላ ደግሞ ከዛም ይወርዳል፣ ስለዚህ በአራት የተደባለቀ ራም 3200 መጠየቅ ከልክ ያለፈ ነበር።

ያደረግኩት ይሄን ነው። ባዮሱን አፕዴት አደረግኩ፣ የራም ትሬኒንግ በአዲስ ባዮስ ብዙ ጊዜ ስለሚሻሻል። ከዛ ፕሮፋይሉን ከፈትኩ፣ ግን ሴቭ ከማድረጌ በፊት እዛው ገፅ ላይ Memory Frequency የሚለውን ብቻ ወደ 2933 አወረድኩት፣ ታይሚንጉን፣ ራሙ በየስራው መሃል የሚጠብቀውን ማለት ነው፣ እና 1.35 ቮልቱን ፕሮፋይሉ እንደፃፈው ተውኩት። ይሄ ዘዴ የሚሰራው ታይሚንግ የሚቆጠረው በክሎክ ስለሆነ ነው፣ ያው 16 ክሎክ በ2933 ከ3200 የረዘመ ጊዜ ነው፣ ራሙ ትንሽ ይተነፍሳል። ተነሳ፣ CPU-Z ላይ 1466 አሳየ፣ መጨረሻ ላይ የምነግራችሁን የራም ፈተናም አለፈ። እምቢ ቢል ኖሮ ወደ 2800፣ ከዛ 2666 እወርድ ነበር። ይሄም ቢሆን ከ2133 በብዙ ይሻላል፣ 3200 ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ የሚል አዲሶቹን ሁለቱን ያውጣቸው።

ማሽኑ ጥቁር ሆኖ ራሱ ካልተመለሰስ? ገመዱን ከሶኬት ነቅላችሁ CLR_CMOS የሚለውን ጃምፐር አገናኙ፣ ከሌለ ባትሪዋን ለተወሰነ ደቂቃ አውጡ። ግን ከዛ በፊት፣ ባዮስ ስትነኩም አፕዴት ስታደርጉም፣ የባዮሱን ገፆች በስልክ ፎቶ አንሱ። ሁሉም ቅንብር ፋብሪካው ወዳስቀመጠው ይመለሳል፣ የሳታ ሞዱ ተቀይሮ ዊንዶውስ በሰማያዊ ስክሪን INACCESSIBLE_BOOT_DEVICE እያለ ሲወድቅ ሃርድ ዲስኩ ሞተ ብሎ ፎርማት ያደረገ ሰው አውቃለሁ፣ ዶክመንቱ ሁሉ ሄደ። ቢትሎከር የተከፈተበት ማሽን ከሆነ ደግሞ ሪከቨሪ ቁልፉን ሳትይዙ ባዮስ አፕዴት እንዳታደርጉ፣ ሊጠይቃችሁ ይችላል፣ ከሌላችሁ ዳታው ተቆለፈ ማለት ነው። አፕዴቱ ሲጨርስም ፕሮፋይሉ ራሱ ይጠፋል፣ ተመልሳችሁ ክፈቱት።

ቮልቴጁን በራሳችሁ ግምት አትጨምሩ። ፕሮፋይሉ 1.35 ካለ 1.35 ነው፣ 1.5 አድርጉት የሚላችሁን ሰው አትስሙ።

ዲዲአር5 ላይ EXPO ከፍቼ ስክሪን አልመጣም

ጠብቁ። ዲዲአር5 መጀመሪያ ሲሰለጥን ደቂቃዎች ይፈጅበታል፣ ብዙ ጊጋ ከሆነ ከዛም ይበልጣል። በሃያ ሰከንድ ፓወሩን የምትዘጉት ትሬኒንጉን መሃል ላይ እየቆረጣችሁት ነው፣ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ራይዘን 7000 ካላችሁ የ2023 መጀመሪያ ባዮስ ላይ EXPO እንዳትከፍቱ፣ የሲፒዩውን የሶሲ ቮልቴጅ ከመጠን በላይ እያወጣ የተቃጠሉ ነበሩ፣ በኋላ የመጡት ባዮሶች 1.3 ቮልት ላይ ገድበውታል።

ይሰራ ነበር፣ መብራት በጠፋ ቁጥር 2133 ይሆናል

የኮምፒዩተሩ ሰዓትም አብሮ ወደኋላ ከሄደ CR2032 ባትሪዋ አልቃለች። ቀይሯት።

3200 ላይ ተነስቷል፣ ግን ጌም ይዘጋል፣ ዚፕ ሲፈታ CRC ኤረር ይላል

ዊንዶውስ መግባቱ ራሙ ረግቷል ማለት አይደለም። ፍላሽ ላይ MemTest86 አድርጋችሁ አራቱንም ዙር አስኪዱት፣ ሌሊት ትታችሁት ተኙ። አንድ ኤረር እንኳ ካወጣ «አንድ ብቻ ናት» ብላችሁ አትለፉት፣ ያቺ አንዷ ናት ፋይል ኮፒ ስታደርጉ ሳትታወቅ ዲስኩ ላይ የምትፃፈው። ፍሪኩዌንሲውን አንድ ደረጃ አውርዳችሁ እንደገና ፈትኑ። 2133 ላይም ኤረር ካወጣ ያኔ ነው ራሙ የተበላሸው፣ አንድ በአንድ አስገብታችሁ የትኛው እንደሆነ ለዩና በዋስትናው መልሱት።