ለቢም ስንት ስታፋ ያስፈልጋል? አንዱስ ስንት ሜትር ይቆረጣል?

ፌራዮው ፌሮ መቁረጥ ከመጀመሩ በፊት ሁለት ቁጥር መታወቅ አለበት። አንደኛው የቢሙን ዋና ፌሮዎች ዙሪያቸውን የሚያቅፈው የስታፋ ብዛት ነው። ሁለተኛው ደግሞ አንዱ ስታፋ የሚቆረጥበት ርዝመት። በግምት ከተሄደ ወይ ፌሮ ይባክናል፣ ወይ የስታፋው ጫፍ አጥሮ ይቀራል። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ አርማታው ከተሞላ በኋላ አይታይማ።

አንድ ቢም ይዘን እንሥራ። ስፋቱ 25፣ ከፍታው 40 ሳንቲ ሜትር ነው። ከኮለን ፊት እስከ ኮለን ፊት 4.20 ሜትር አለው። ከቨሩ 2.5 ሳንቲ ሜትር፣ ስታፋው ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ ነው። ከሁለቱም ኮለኖች 80 ሳንቲ ሜትር ድረስ በየ10፣ መሃሉ ላይ በየ20 ሳንቲ ሜትር ይላል ፕላኑ።

የስታፋው ልክ

ከቨር የሚለካው ከኮንክሪቱ ፊት እስከ ስታፋው ውጫዊ ጠርዝ ነው። እስከ ዋናው ፌሮ የሚለኩ ብዙ ናቸው፤ ያኔ ስታፋው ይሰፋና ከቨሩን ይበላዋል። ስለዚህ ከሁለቱም ጎን 2.5 እንቀንሳለን። ስፋቱ 20፣ ከፍታው 35 ይሆናል። ዙሪያው 110 ሳንቲ ሜትር ነው።

የሚቆረጠው ርዝመት

ችግሩ ያለው እዚህ ነው። ፌሮ ሲታጠፍ ማዕዘኑን አቋርጦ ስለሚዞር፣ በ90 ዲግሪ መታጠፊያ ላይ የውፍረቱን ሁለት እጥፍ ያህል ይቆጥባል። ስታፋ እንዲህ ያሉ ሦስት ማዕዘኖች አሉት። ስለዚህ ስድስት እጥፍ እንቀንሳለን።

አራተኛው ማዕዘን ላይ ሁለቱ ጫፎች ይገናኛሉ። እያንዳንዳቸው 135 ዲግሪ ታጥፈው ወደ ቢሙ ውስጥ ይገባሉ። ከመታጠፊያው ወዲያ የሚቀረው ቀጥ ያለ ጭራ የውፍረቱ አሥር እጥፍ መሆን አለበት፤ ለ8 ሚሊ ሜትር 8 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። መታጠፊያው ራሱ ደግሞ ሦስት እጥፍ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ለአንድ ጫፍ 13፣ ለሁለቱ 26 እጥፍ። ከዚህ ላይ ስድስቱን ስንቀንስ 20 ይቀራል።

ባጭሩ፦ ዙሪያው ሲደመር የውፍረቱ 20 እጥፍ። የኛው 110 + 16 = 126 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህ የሚሠራው የመጠምዘዣው ብረት ዲያሜትር የፌሮው አራት እጥፍ ሲሆን ነው።

ኢንተርኔት ላይ የሚዞረው ቀመር ግን ለ135 ዲግሪውም ሦስት እጥፍ ይቀንሳል። በሱ ብትሄዱ 116.4 ሳንቲ ሜትር ይወጣል። በዚህ የተቆረጠ ስታፋ ልኩ ተጠብቆ ከታጠፈ የሚቀረው ጭራ 3.4 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። መሬት ሲንቀጠቀጥ የላዩ ኮንክሪት ይረግፋል። ስታፋው እንዳይከፈት የሚይዘው ውስጥ የተቀበረው ጭራ ነው፤ አጭር ከሆነ ሹልክ ብሎ ይወጣል።

ስለዚህ ሁሉንም ከመቁረጣችሁ በፊት አንድ አሳጥፉ። ውጫዊ ልኩን በሜትር ለኩ፣ ጭራውንም ለኩ። ስምንት ካልሞላ የጎደለውን እጥፍ አድርጋችሁ ርዝመቱ ላይ ጨምሩ፤ ጭራው ሁለት ነውና።

ብዛቱ

የመጀመሪያው ስታፋ ከኮለኑ ፊት 5 ሳንቲ ሜትር ላይ ይገባል። ከ5 እስከ 80 ያለው 75 ሳንቲ ሜትር ነው። ለ10 ሲካፈል 7.5 ይመጣል። ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው የሚጠጋው፤ ስለዚህ 8 ክፍተት፣ 9 ስታፋ። የመጨረሻው 85 ላይ ያርፋል። በሌላኛው ጫፍም እንዲሁ 9።

መሃሉ 420 − 170 = 250 ሳንቲ ሜትር ቀረው። ለ20 ሲካፈል 12.5፣ ማለትም 13 ክፍተት። እዚህ አንድ አትደምሩ። የዳርና ዳሩ ስታፋዎች ተቆጥረዋል፤ በመካከላቸው የሚገቡት 12 ብቻ ናቸው። ድምሩ 9 + 12 + 9 = 30። ሲታሰር የመሃሉ ክፍተት 19 ሳንቲ ሜትር ከምናምን ይሆናል፤ ከ20 ስለማይበልጥ ችግር የለውም።

ስንት ቤርጋ ይገዛ?

እንዲህ ያለ ስድስት ቢም ካለ 180 ስታፋ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው 180ን በ1.26 ያባዛና ለ12 ያካፍላል። 18.9 ይመጣል፣ 19 ቤርጋ ያዛል። ከ12 ሜትር ቤርጋ ግን 9 ሙሉ ስታፋ ነው የሚወጣው፤ 66 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል፣ ቁራጩን ቀጥሎ ስታፋ መሥራት ደግሞ አይቻልም። 19 ቤርጋ 171 ስታፋ ብቻ ይሰጣል። የሚያስፈልገው 20 ነው። መጀመሪያ ከአንድ ቤርጋ ስንት እንደሚወጣ አስሉ፣ ከዚያ ብዛቱን በሱ አካፍሉ።