«ፕሮቲኔ ይበቃኛል?» ብሎ አሰልጣኝን እንዴት መጠየቅ ይቻላል

«ኮች፣ ጠዋት እንቁላል፣ ምሳ ሩዝ በምስር፣ ማታ ዶሮ ነው የምበላው። ፕሮቲኑ ይበቃኛል?» ይህ መልእክት የደረሰው አሰልጣኝ «እንደ መጠኑ ነው» ከማለት ሌላ ምን ይላል? ስንት እንቁላል? የቱን ያህል ዶሮ?

መጀመሪያ ክብደትዎንና በሳምንት ስንት ቀን ብረት እንደሚያነሱ ይጻፉ። ጡንቻ መገንባት ለሚፈልግ ጤነኛ ሰው የተለመደው መነሻ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 1.6 ግራም ገደማ ፕሮቲን ነው። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 112 ግራም ይሆናል። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ቀጥሎ ምግቡን ይመዝኑ፤ ጥሬ ይሁን የበሰለ ሳይጽፉ አይለፉት። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። 100 ግራም የበሰለ የዶሮ ደረት 31 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ጥሬው 100 ግራም ግን 22 አካባቢ ነው፤ ሲበስል ውሃው ስለሚወጣ ሥጋው ቀንሶ ፕሮቲኑ ይጠጋጋል። ሚዛን ከሌለ «መዳፌን የሚያህል» ብሎ መጻፍም ከ«ትንሽ ዶሮ» ይሻላል።

ሦስተኛው ነገር ቀኖቹን መለየት ነው። ሰው ስለ ምግቡ ሲጠየቅ ደህና የበላበት ቀን ነው ትዝ የሚለው። ስለዚህ አምስቱንም የሥራ ቀናት ያስቡ፤ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ፣ የተለዩትን ለብቻ ያስቀምጡ። እንዲህ፦

«ሰላም ኮች። 70 ኪሎ ነኝ፣ በሳምንት 3 ቀን ብረት አነሳለሁ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ቁርስ 2 እንቁላል በ2 ቁራጭ ዳቦ፣ ምሳ 150 ግራም ሩዝ በ200 ግራም ምስር፣ ማታ 100 ግራም የዶሮ ደረት ከአትክልት ጋር፣ ስተኛ አንድ ብርጭቆ ወተት። የተመዘነው ሁሉ ከበሰለ በኋላ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ አመሻለሁ፤ በዶሮው ፋንታ 200 ግራም ፓስታ በቲማቲም እበላለሁ። ፕሮቲኑ ይበቃኛል? ካልበቃ የቱ ሰዓት ላይ ልጨምር?»

አሁን ማስላት ይቻላል። እንቁላሉ 12፣ ዳቦው 6፣ ሩዙ 4፣ ምስሩ 18፣ ዶሮው 31፣ አትክልቱ 2፣ ወተቱ 8፤ በድምሩ 81 ግራም ገደማ። በፓስታው ቀን ግን ወደ 62 ይወርዳል። ዶሮ ባለበት ቀን አንድ እንቁላል፣ አንድ ብርጭቆ ወተትና 50 ግራም ዶሮ ቢጨመር ክፍተቱ ከሞላ ጎደል ይዘጋል። ማክሰኞና ሐሙስ ግን ይህ ብቻውን አያደርስም። አሰልጣኙ ምናልባት «ሰኞ ማታ ዶሮውን እጥፍ ቀቅለህ ግማሹን ለማክሰኞ ፍሪጅ ውስጥ አቆየው» ይል ይሆናል። ይህን ማለት የሚችለው ግን ፓስታው ሳይደበቅ ከተጻፈለት ነው።