ብድር ላይ ጨምሮ መክፈል፦ የወሩን ቁጥር የሚያሳስቱ ስህተቶች

500 ሺህ ብር ተበድራችኋል እንበል። ወለዱ በዓመት 18 በመቶ ነው፤ መክፈያው ጊዜ 5 ዓመት። ባንኩ በየወሩ 12,697 ብር ይቆርጣል። አሁን እጃችሁ ትንሽ ሰፋ አለና በየወሩ 3,000 ብር ልትጨምሩ አሰባችሁ። ክፍያው 15,697 ብር ሆነ ማለት ነው። ብድሩ በስንት ወር ያልቃል?

32 ወር የሚል ሰው አለ። 49 የሚልም አለ። መልሱ ግን 44 ነው። ሁለቱ የተሳሳቱ መልሶች ከየት እንደሚመጡ እንይ።

ዋናውን ብድር ለክፍያው ማካፈል

500,000ን ለ15,697 ስናካፍል 31.9 ይመጣል። 32 ወር የሚሉት ከዚህ ያመጡት ነው። የረሱት ወለዱን ነው። ከምትከፍሉት ብር መጀመሪያ የሚነሳው የወሩ ወለድ ነው፤ ዋናውን የሚቀንሰው የተረፈው ብቻ ነው።

በዓመት 18 በመቶ ማለት በወር 1.5 በመቶ ነው። የመጀመሪያው ወር ወለድ 7,500 ብር ይሆናል። ከ15,697 ላይ እሱ ሲቀነስ 8,197 ብር ይተርፋል፤ ዕዳውም ወደ 491,803 ይወርዳል። በሁለተኛው ወር ወለዱ የሚታሰበው በዚህ በቀነሰው ዕዳ ላይ ስለሆነ 7,377 ብር ነው። ወደ ዋናው የሚሄደው 8,320 ይሆናል፤ ዕዳው 483,483። እንዲህ እያለ ወለዱ በየወሩ ይቀንሳል፣ ዋናውን የሚበላው ድርሻ ያድጋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጭማሪው የክፍያውን ሩብ እንኳ አይሞላም። ያለ ጭማሪ ግን በመጀመሪያው ወር ከዋናው ላይ የሚነሳው 5,197 ብር ብቻ ነበር። 3,000ው እንዳለ ዋናው ላይ ስለሚያርፍ 8,197 ሆነ፤ ከግማሽ በላይ አደገ ማለት ነው። ጭማሪ ጉልበት የሚያገኘው ከዚህ ነው።

በባንኩ የክፍያ ሰሌዳ ላይ ያለውን ጠቅላላ ክፍያ ማካፈል

ይሄኛው ስህተት ጠንቃቃ ሰዎችን ነው የሚይዘው። ወለድ መረሳት እንደሌለበት ያውቃሉ። ስለዚህ 12,697ን በ60 ያባዙና 761,820 ብር ያገኛሉ። ያንን ለ15,697 ሲያካፍሉ 48.5 ይመጣል፤ 49 ወር ይላሉ።

ችግሩ ከ761,820 ውስጥ 261,820ው ወለድ መሆኑ ነው፤ እሱም የተሰላው ዕዳው 60 ወር ሙሉ ቀስ እያለ እንደሚቀንስ ታስቦ ነው። ዕዳው ቶሎ ከቀነሰ የዚያ ወለድ ከፊሉ ጭራሽ አይታሰብም። በ44 ወር ስትጨርሱ ጠቅላላ የምትከፍሉት ወደ 685 ሺህ ብር ነው። ወደ 77 ሺህ ብር የሚጠጋ ወለድ ቀረላችሁ። 49 ያለ ሰው ይህን ያልመጣ ወለድም አብሮ ከፍሎታል።

ትክክለኛውን ለማግኘት ኤክሴል ውስጥ ይህን መጻፍ ይበቃል፦

```
=NPER(0.18/12,-15697,500000)
```

43.64 ይሰጣችኋል። ከክፍያው በፊት ያለችውን የመቀነስ ምልክት ከረሳችሁ -26.23 የሚል ትርጉም የለሽ ቁጥር ይመጣል። 0.18ን ለ12 ካላካፈላችሁ ደግሞ `#NUM!` ይላችኋል፤ 18 በመቶው በየወሩ የሚታሰብ ስለሚመስለው ክፍያው ወለዱን እንኳ አይሸፍንም። ኤክሴል ከሌለ የስልክ ካልኩሌተርና ወረቀት ይበቃል፤ ከላይ ለሁለት ወር የሠራነውን ዕዳው እስኪያልቅ መቀጠል ነው። ያሰለቻል እንጂ አይከብድም።

መሃል ላይ ጀምሮ ከመጀመሪያው ብድር መነሳት

ብዙ ሰው መጨመር የሚጀምረው ብድሩን በወሰደበት ወር አይደለም። አንድ ዓመት መደበኛውን ከፍሎ ነው። ያኔ ስሌቱ የሚነሳው ከ500,000 ሳይሆን ከዕለቱ ቀሪ ዋና ዕዳ ነው። በእኛ ምሳሌ ከ12 ወር በኋላ 432,225 ብር ይቀራል። ከዚያ በ15,697 ለመጨረስ 36 ወር ይፈጃል። ካለፈው 12 ጋር 48 ወር ሆነ። «44 ወር ነው ተብሏል፣ 12ቱን ከፍያለሁ፣ 32 ይቀረኛል» ያለ ሰው በ4 ወር ተሳስቷል። ዘንድሮ የተጨመረ ብር ከከርሞው የበለጠ ወር የሚቀንሰው ለዚህ ነው።

ጭማሪው የት እንደሚያርፍ አለመጠየቅ

እስካሁን ያለው ሁሉ የሚሠራው 3,000ው በየወሩ ከዋናው ላይ ከተነሳ ነው። ይሄ በራሱ የሚሆን እንዳይመስላችሁ። ክፍያው ከሂሳባችሁ በራሱ የሚቆረጥ ከሆነ፣ ሂሳቡ ውስጥ ተጨማሪ ብር ማስቀመጥ ብድር መክፈል አይደለም። ሲስተሙ 12,697ን ብቻ ይወስዳል፤ ቀሪው ቁጠባ ሆኖ ይቀመጣል። አንዳንዴ ደግሞ ትርፉ የሚቀጥለው ወር ቅድመ ክፍያ ተደርጎ ይያዛል። ዋናው ካልተነካ የወለዱ ሂሳብ በቦታው ነው።

ሌላም አለ። ባንኩ ጭማሪውን ከዋናው ላይ ቀንሶ፣ የመክፈያውን ጊዜ ግን ባለበት ትቶ ወርሃዊ ክፍያውን ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። ደስ ሊል ይችላል፤ ግን ዝቅ ያለውን ብቻ ከከፈላችሁ አንድም ወር አልቀነሰም። ስለዚህ «ተጨማሪው ከዋናው ብድር ላይ ተቀንሶ የመክፈያ ጊዜው ይጠርልኝ» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ከመጀመሪያው ጭማሪ በኋላ ስቴትመንት አውጡና ቀሪውን ዕዳ እዩ። 491,803 አካባቢ ካልሆነና 494,803 ከሆነ፣ 3,000ው ሌላ ቦታ ነው ያለው። ውሉ ላይም ቀድሞ ለመክፈል ቅጣት መኖሩን አንብቡ፤ ካለ ከሚተርፈው 77 ሺህ ላይ ይቀነሳል።

ወለዱ የሚታሰበው በመጀመሪያው ብድር ላይ ከሆነ፣ ማለትም ፍላት የሚባለው ዓይነት ከሆነ፣ ከላይ ያለው ስሌት በሙሉ አይሠራም። ይህን ለማወቅ የክፍያ ሰሌዳው ላይ የወለዱን ዓምድ ወደ ታች ተመልከቱ። ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ቁጥር ከሆነ ፍላት ነው። እንዲህ ያለ ብድር ላይ፣ ቀድሞ ለጨረሰ ወለድ የሚቀንስ አንቀጽ ውሉ ላይ ከሌለ፣ መጨመር ብድሩን ቶሎ ይዘጋል እንጂ ወለድ አያተርፍም።

43.64ን 43 ብሎ መቁረጥ

0.64 ወር የሚባል ክፍያ የለም። 43 ጊዜ 15,697 ከከፈላችሁ በኋላ 9,885 ብር ይቀራል። የዚያ ወር ወለድ ሲጨመር 44ኛው ክፍያ ወደ 10,033 ብር ይሆናል። ባንኩ ወለዱን በቀን የሚያስብ ከሆነ 31 ቀን ያለው ወርና 28 ቀን ያለው ወር ስለሚለያዩ ይህ ቁጥር ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ስለዚህ ለመጨረሻው ክፍያ በራሳችሁ ስሌት አትሂዱ፤ የምትከፍሉበትን ቀን ነግራችሁ የዚያን ዕለት የመዝጊያ ሂሳብ ከቅርንጫፉ ውሰዱ። ጥቂት ብር እንኳ ከቀረ ብድሩ ክፍት ነው፤ የመኪናው ሊብሬም ሆነ የቤቱ ካርታ ዕግድ አይነሳም።