የቶማሱሎ ሰንጠረዥ መልሱ አልገጥም ሲል

ቶማሱሎ ፕሮሰሰሩ ትእዛዞችን በተጻፉበት ቅደም ተከተል ሳይሆን የሚያስፈልጋቸው ቁጥር እንደተሟላ የሚሠራበት ዘዴ ነው። የኮምፒውተር አርክቴክቸር ፈተና ላይ አራት መስመር ትእዛዝ ይሰጥና በዚህ ዘዴ «እያንዳንዱ በስንተኛው ሳይክል ጀመረ፣ በስንተኛው ጻፈ?» ተብሎ ይጠየቃል። አንድ ሳጥን ከተሳሳተ ከሱ በታች ያለው ሁሉ ይበላሻል። ደግነቱ ስህተቱ ብዙ ጊዜ ከታወቁ ጥቂት ቦታዎች ነው የሚመጣው። ይህን ምሳሌ ይዘን እንያቸው፦

```
1: DIV F1, F2, F3
2: ADD F4, F1, F5
3: SUB F5, F2, F3
4: MUL F4, F5, F2
```

የመጀመሪያው ስም ውጤቱ የሚገባበት ሬጅስተር ነው። ሲጀመር F2=12፣ F3=4፣ F5=10 ነው። ማካፈል 20 ሳይክል ይፈጃል፣ ማባዛት 6፣ መደመርና መቀነስ 2። ትእዛዞቹ በየሳይክሉ አንድ አንድ እያሉ በተራቸው ወደ ሪዘርቬሽን ስቴሽን ይገባሉ። ስቴሽን ማለት ትእዛዙ የሚያስፈልገው ቁጥር እስኪሟላ ድረስ ከሂሳብ መሥሪያው ፊት የሚጠብቅበት ቦታ ነው። የማካፈያው D1፣ የመደመሪያው A1 እና A2፣ የማባዣው M1 ይባሉ።

ምልክት፦ 3ኛው ትእዛዝ 2ኛውን ሲጠብቅ ይታያል

ብዙ ተማሪ እንዲህ ያስባል፦ 2ኛው F5ን ገና አላነበበም፤ 3ኛው ቀድሞ F5 ላይ ከጻፈ 2ኛው የተሳሳተ ቁጥር ያነባል፤ ስለዚህ 3ኛው ይጠብቅ። ስኮርቦርድ በሚባለው የቆየ ዘዴ እንዲህ ያለ መጠበቅ በእርግጥ አለ። ሁለቱን በአንድ ሳምንት የተማረ ሰው ቢያምታታቸው አይገርምም።

መፍትሄው የንባቡን ሰዓት ማስተካከል ነው። ቶማሱሎ ላይ ትእዛዙ የተዘጋጀውን ቁጥር የሚገለብጠው ስቴሽን ሲገባ ነው። 2ኛው በሳይክል 2 A1 ሲገባ የF5ን 10 ይዞ ይገባል። F1 ገና ስላልደረሰ በቁጥሩ ፋንታ «D1» የሚል ታግ ይጻፍለታል፤ D1 ውጤቱን ሲያሰማ እሱን እወስዳለሁ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ F5 ቢለወጥ A1ን አይነካውም። ስለዚህ 3ኛው በሳይክል 3 ይገባል፣ በ4 እና 5 ይሠራል፣ በ6 ይጽፋል። 4ኛው «A2» የሚል ታግ ይዞ ይጠብቅና ከ7 እስከ 12 ሠርቶ በ13 ይጽፋል። 1ኛው ገና በ22 ነው የሚጽፈው፤ 2ኛው ደግሞ በ25።

ምልክት፦ መጨረሻ ላይ F4 13 ሆኖ ይገኛል

ትክክለኛው መልስ 96 ነው። 13 ካገኛችሁ «ዘግይቶ የጻፈው ያሸንፋል» ብላችኋል ማለት ነው። በሰዓት ካየነው 2ኛው ከ4ኛው 12 ሳይክል ዘግይቶ ነው የሚጽፈው፤ በፕሮግራሙ ቅደም ተከተል ግን የF4 የመጨረሻ ባለቤት 4ኛው ነው።

ሬጅስተር ሪኔሚንግ የሚባለው ነገር እዚህ ጋ ነው ያለው። ከእያንዳንዱ ሬጅስተር ጎን የመጨረሻው ጸሐፊ ማን እንደሆነ የሚናገር ታግ አለ። በሳይክል 2 የF4 ታግ A1 ነበር። በሳይክል 4 4ኛው ሲገባ ታጉ ወደ M1 ይቀየራል። በ13 M1 96ን ሲያሰማ ታጉ ስለገጠመ F4 ቁጥሩን ይወስዳል፣ ታጉም ይጠፋል። በ25 A1 13ን ሲያሰማ F4 የሱን ታግ ስለማይጠብቅ ዝም ብሎ ያልፈዋል። አንድ F4 የሚለው ስም ሁለት ቦታ፣ A1 እና M1፣ ሆኗል ማለት ነው። ሮበርት ቶማሱሎ በ1967 ዘዴውን ያሳተመው ለአይቢኤም 360/91 ነው። ማሽኑ ለፕሮግራሙ የሚያሳየው አራት የፍሎቲንግ ፖይንት ሬጅስተር ብቻ ስለነበር ያው ስም ቶሎ ቶሎ ይደጋገም ነበር።

ምልክት፦ መልሳችሁ ከመምህሩ በብዙ ሳይክል ያነሰ ነው

የስቴሽኑን ብዛት እንደገና አንብቡ። A2 ባይኖር ኖሮ 3ኛው A1 በ25 እስኪለቀቅ ድረስ መግባት አይችልም፤ በ26 ይገባል። 4ኛው የማባዣው ስቴሽን ባዶ ቢሆንም እሱን ዘሎ አይገባም፤ አሠራሩ ቢዘበራረቅም አገባቡ በተራ ነውና። በ27 ገብቶ በ36 ይጽፋል። ልዩነቱ አንድ ሳይክል ብቻ ከሆነ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። አንዳንድ መምህር ውጤቱ በተሰማበት ሳይክል መሥራት ያስጀምራል፤ እኛ ከሚቀጥለው ጀምረናል። ጥያቄው የትኛውን እንደሚል እዩ።

ምልክት፦ ጥያቄው «ኮሚት» የሚል ዓምድ አለው

ይህ ሪኦርደር በፈር የተጨመረበት ነው። እስካሁን ባየነው ዘዴ ማካፈሉ በ21 ስህተት ቢያወጣ F5 በ6 ተለውጦ ስለነበር ፕሮግራሙን ከዚያች መስመር በንጽህና ማስቀጠል አይቻልም። ሪኦርደር በፈር ውጤቱን ይዞ ያቆይና ወደ ሬጅስተሩ የሚያስገባው በተራ ነው፤ ኮሚት የሚባለው ይህ ማስገባት ነው። ታጉም ከዚያ ወዲያ የስቴሽን ሳይሆን የበፈሩ ቁጥር ነው። በእኛ ምሳሌ በየሳይክሉ አንድ ኮሚት ከተፈቀደ 1ኛው በ23፣ 2ኛው በ26፣ 3ኛው በ27፣ 4ኛው በ28 ኮሚት ያደርጋሉ። F4 ላይ መጀመሪያ 13፣ ከሁለት ሳይክል በኋላ 96 ይገባል።